ምራቂ አይደረብም

እኔ ቱግ ማለት ይቀናኛል። አዳማ ላይ ጁስ ቤት በከፈትኩ በዓመቱ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጁስ ቤት ተከፈተ፤ እኔም ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። በዚያው ቀን የመቶ ብሩን ስፕሪስ ሰማንያ ብር አልኩና በትልቁ ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍኩ። "እስቲ አሁን ይምጣ!" ብዬ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

ሰው ጎረፈ። በአዳማ ሙቀት ርካሽ ጁስ ተገኝቶ ማን ይቀራል? የአርሲ ነገሌ ሚኒባስ ሾፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን አቁመው ይሰለፉ ነበር። እኔ ደግሞ ገበያ ውስጥ ስትሸጥ ከኖረች እናት የወረስኩት አመል አለብኝ፤ ምራቂ ካልጨመርኩ የሸጥኩ አይመስለኝም። ብርጭቆው ሲጋመስ የተረፈውን አምጥቼ እሞላለሁ። በኦሮምኛ "ገለቶሚ" ብለው ሲያመሰግኑኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ወሩ አለቀና ለቤት ኪራይ የሚሆን ብር ጠፋ።

የቤቱ ባለቤት ከጎኔ የልብስ ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የማዶው ሰውዬ የእኔን ቤት በተሻለ ኪራይ እንደጠየቃቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው ከሚያስወጡኝ ራሴ ልውጣ ብዬ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ቤትዎን ይረከቡኝ። አልቻልኩም።"

ቁልፉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። "አንዱ ብርጭቆ ስንት ያስወጣሻል?" አሉኝ።

"ፍራፍሬው፣ ስኳሩ፣ መብራቱ ተደምሮ... ሰባ ብር።"

"በመቶ ስትሸጪ ሠላሳ ይተርፍሽ ነበር። አሁን አሥር ነው የሚተርፍሽ። የድሮውን ለማግኘት ሦስት እጥፍ መሸጥ አለብሽ። ሸጠሻል?"

የት ሸጬ! እጥፍ እንኳ አልደረስኩም። የቀረችውንም አሥር ብር በምራቂ ሳፈሳት ነው የከረምኩት።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ እየሳቁ። "እኔ ቀሚስ ላይ አልቀንስም፤ ቀሚሱን ፈልጋው ነው የመጣችው። ሻሽ አብራ ከወሰደች ግን ሻሹ ላይ ትንሽ እቀንስላታለሁ። ሻሽ አላሰበችም ነበራ! አንቺም ያላሰቡትን አስወስጃቸው። ኪራዩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።"

ቁልፌን ይዤ ተመለስኩ። የዚያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አልረሳውም።

ማስታወቂያውን ቀደድኩና ጁሱን ወደ መቶ መለስኩት። አጠገቡ ሃያ ብር አስወጥቶኝ በአርባ የምሸጠውን ሁለት ሳምቡሳ አደረግኩ፤ ጁስና ሳምቡሳ አንድ ላይ መቶ ሠላሳ። አሥር ብር ቀነስኩ፣ ግን ከአንድ ሰው የሚተርፈኝ ከሠላሳ ወደ አርባ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሰው ቁርሱ ስለሆነ ሁለቱንም በራሱ ይገዛል፤ ለእሱ መቀነስ የራስን ኪስ መቅደድ ነው። ስለዚህ ጥንዱን ጁስ ብቻ ጠጥቶ ለሚሄደው ለከሰዓት ሰው አደረግኩት። ቀጥሎ ካርድ አሳተምኩ። ጥንዱን የገዛ አንድ ማህተም፣ አሥር የሞላለት አንድ ጁስ በነፃ። የነፃው ጁስ ሰባ ብር ያስወጣኛል፤ ሰውየው ግን እሱን ለማግኘት አሥር ጊዜ ሳምቡሳ ጨምሮ ገዝቷል።

የተሰለፈው ሰው ሳሳ፤ ደነገጥኩ። የቀረው ግን ሳምቡሳ ይዞ ይቀመጥ ጀመር።

አመል አይለቅምና እጄ አሁንም ምራቂ ይሞላል። እትዬ አንድ ቀን ከሰዓት ሊጠጡ ገብተው አዩኝና ጠሩኝ። "ጥንዱ ላይ ቀንሰሻል፣ ካርዱ ላይ ትሰጫለሽ፣ ደግሞ ምራቂ? ስጪ፣ መስጠት ደግ ነው። ግን ምራቂ አይደረብም።"

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በእግሩ ቆመ። የዘገየውን ኪራይም ከፍዬ ጨረስኩ። ውለታቸው ከብዶኝ "ከእንግዲህ እርስዎ በነፃ ነው የሚጠጡት" ብላቸው ተቆጡ። እንደማንኛውም ሰው ካርድ አስወጡ፣ እንደማንኛውም ሰው ከፈሉ፤ ሳምቡሳውን ለሱቃቸው ሠራተኞች ይዘው ይሄዳሉ።

አሥሩ የሞላላቸው ቀን በትልቁ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቼ አቀረብኩላቸው። አዩት፣ አዩኝ። ባዶ ብርጭቆ አስመጡና ከልኩ የተረፈውን ቀስ ብለው ገልብጠው ወደ እኔ ገፉት።

"ይሄኛው የአንቺ ነው" አሉ።

አብረን ጠጣን። እንባዬ መጣ፤ እሳቸው እንዳላዩ ሆነው አፋቸውን ጠረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

"አዲስ ካርድ አምጪ። ያ የማዶው ሰውዬ ትናንትም መጥቶ ነበር፤ ካርዴ ሳይሞላ ቤቱን ለማንም አልሰጥም አልኩት።"

ይኸው እስከ ዛሬ፣ አንዱ ካርድ በሞላ ቁጥር፣ ሌላውን ሳይጠይቁኝ አስቀምጥላቸዋለሁ።