ስልኩ ተነስቶ ነበር

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ስልክ ስጠግን አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የሰለቸኝ ስራው አይደለም፣ ጥያቄው ነው። «አፕዴቱን ጭኛለሁ ይላል፤ ታዲያ ለምን ሪስታርት አድርጊ ይለኛል?» በቀን አምስት ሰው ይጠይቀኛል። እኔም አምስት ጊዜ እመልሳለሁ፣ አምስተኛው ላይ ድምፄ ይቆጣል።

የዚያን ቀን የጠየቀችኝ ከሱቄ ሁለት በር አልፋ ጨርቅ የምትሸጥ፣ የሞያሌ ሴት ናት። ስልኳ ለሳምንት ሲለምናት «በኋላ» ስትለው ከርማለች። ሪስታርት ካደረግኩት ፎቶዬ ሁሉ ይጠፋል ብላ ፈርታ ነው። ብዙ ሰው እንደዚሁ ይፈራና «ሪስታርት» የምትለዋን እኔ እንድጫንለት ስልኩን ይዞልኝ ይመጣል።

«ምንም አይጠፋም እህቴ» አልኳት። «የአንቺ ስልክ ሲስተሙን የሚያስቀምጥበት ሁለት ቦታ አለው። አንዱ ላይ ሆኖ ሲሰራልሽ፣ አዲሱን በሌላው ላይ ጽፎ ጨርሷል። ግን አሁን የሚሰራው አሮጌው ነው። የቆመበትን ወለል ራሱ ሊነቅለው አይችልም፤ መጥፋትና በአዲሱ መነሳት አለበት።»

«ባይነሳስ?»

«ሲበራ መጀመሪያ አዲሱን ይመረምራል፣ ማህተሙ የፋብሪካው መሆኑን ያያል። ደጋግሞ ሞክሮ እምቢ ካለው ወደ አሮጌው ይመለሳል። ፎቶሽ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ አይነካም።»

ተቀመጠች። «አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው ያለው። ዛሬ ከሰዓት ኦፕሬሽን ይገባል። ከመግባቱ በፊት እደውላለሁ ብሎኛል።»

«አስር ደቂቃ ነው። ከጮኸ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ስልኩን ትታልኝ ለሶላት ሄደች፣ ከዚያም ወደ ሱቋ። ነካሁት። ጠፋ፣ የፋብሪካው ምልክት መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ፒን ጠየቀ። ተነስቷል አልኩና ከመስታወቱ ስር አስቀመጥኩት።

እዚህ ላይ የሱቄን ደንብ ልናገር። የማንንም ፒን አልቀበልም። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ «ፎቶዬን አየህ» ብሎ መንገድ ላይ ሰው ሰብስቦብኛል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛና በስዋሂሊ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ፦ ፒንዎን አይንገሩን። በዚህ ደንብ እኮራ ነበር።

የማውቀውን ነገር ነው የረሳሁት። ስልክ እንደ አዲስ ሲነሳ የባለቤቱ ዕቃ ሁሉ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ የሚፈታው ፒኑ ሲገባ ብቻ ነው፣ ለመጀመሪያው ጊዜ የጣት አሻራ እንኳ አይሰራም። እስከዚያ ድረስ ተራ ጥሪ ይጮሃል፣ ያውም የደዋዩ ስም ሳይታይ። በኢንተርኔት የሚደወልባቸው አፖች ግን ተኝተው ይቆያሉ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ደግሞ ማን በካርድ ይደውላል? ሱቋ ሁለት በር አልፎ ነበር። «ነይና ክፈቺው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የሰው ስክሪን እየነቀልኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላልኩም።

ራሷ መጣች። «ዝም አለ?»

«ዝም ብሏል» አልኳት፣ ያለ ሃሳብ።

ፒኑን አስገባች። ስልኩ ለአፍታ ቆየና ያመለጡ ጥሪዎቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። ሰባት ነበሩ፣ ሁሉም ከአባቷ። ከስራቸው አንድ የድምፅ መልእክት። እዚያው ቆማ ከፈተችው፣ እኔም ሰማሁ።

«ልጄ፣ ስራ በዝቶብሽ ነው መሰለኝ። ጠሩኝ፣ ልገባ ነው። አይዞሽ እሺ።»

መልሳ ደወለች። የአባቷ ስልክ ጠፍቶ ነበር። እኔን አልሰደበችኝም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአማርኛ ይቅርታ ማለት አፌ ላይ ከበደኝና በስዋሂሊ «ፖሌ» አልኳት፣ እንደ አገሩ ሰው። ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

አባቷ ከኦፕሬሽኑ ወጡ፣ ግን አልነቁም። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሱቋ ሲዘጋ ከጎረቤት ሰማሁ። ለቅሶ ሄጄ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ተመለስኩ። አፍሬ ነበር፤ አሁንም አፍራለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መጣች። ስልኩ እንደገና ሪስታርት ይላል። ከስልኩ ጋር የታጠፈች ወረቀት ሰጠችኝ።

«ፒኑ ነው። ሲነሳ ክፈተው።»

«እህቴ፣ ፒን አልቀበልም» አልኩና የግድግዳውን ጽሑፍ አሳየኋት።

«ከእኔ ተቀበል» አለችና ወደ ሱቋ ሄደች።

ነካሁት። ጠፋ፣ ምልክቱ መጣ፣ ፒን ጠየቀ። ወረቀቷን ዘርግቼ አራቱን ቁጥር አስገባሁ። የሌላውን ሰው ስራ ትቼ ስልኩን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ከፍቼው ነበር፣ ኔትወርክም ነበረው፤ ማንም አልደወለም።