አገርነሽ የማለችበት መብራት

አገርነሽ ተቆጥታ የማለችውን ተረጋግታ የምታፈርስ ሴት አልነበረችም። ደባርቅ የሚያውቃት በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የስኳር አከፋፋይ ጋር ተጣልታ «ከእጅህ አንዲት ኪሎ ብቀበል!» ብላ ማለች፤ ከዚያ ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እስኪሄድ ድረስ ስኳሯን ከዳባት በሚኒባስ ታስጭን ነበር። ኪሳራው የእሷ፣ ኩራቱም የእሷ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት፣ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ በቢራራ ቤት ላይ የማለችው።

ቢራራ ማን ነው ቢሉ፣ ከበየዳ እግሩን አቧራ ውጦት የመጣ ልጅ ነበር። አገርነሽ ሱቋ ውስጥ አስተኝታ፣ አብልታ፣ ሚዛን አስተምራ ጎልማሳ አደረገችው። በኋላ ብየዳ ተማረና ከመንገዱ ዳር የራሱን ብየዳ ቤት ከፈተ። ሲያገባ ደግሞ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠችው፤ ከራሷ ቆጣሪም መስመር ስባ «በሉ፣ በብርሃን ኑሩ» አለቻቸው። አገርነሽ ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ የቢራራ ሚስት ስመኝ ስታረግዝ «ሴት ከሆነች ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ» ብላ ነጠላውን ሳይቀር ገዝታ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ሴት ሆነች። እልልታውን ከሁሉ በላይ ያቀለጠችው እሷ ናት።

ያን ሁሉ ያበላሸው መብራት ነው።

ቀን ቀን ደህና ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅና የደባርቅ ብርድ ሰውን ወደ ቤቱ ሲሰድ ግን የሱቋ አምፖል ቀስ እያለች ትቀላለች፤ የብርቱካን ልጣጭ ትመስላለች። ማቀዝቀዣው ያቃስታል እንጂ አይነሳም። ደንበኛ ጨው ሲል ሶዳ ትሰጣለች፤ ዓይኗን ነው፣ መብራቱን ነው ብላ ትጨነቃለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው የዓለምዬ ሻይ ቤት ግን ቦግ ብሎ ይታያል። ይኼ ነው ያንገበገባት።

አገርነሽ አሰበችና ጥፋተኛውን አገኘች። ቀን ላይ ቢራራ ብረት ሲያጣብቅ አምፖሏ ብልጭ ድርግም ስትል አይታለች። «በቀን የሚቀምስ በማታ ይጠጣል» አለች። አንድ ማታ ሱቁ ሰው እንደሞላ አምፖሏ ስትደክም፣ ቢራራን ከደጅ ጠርታ በደንበኛ ፊት አወረደችበት። «ያጎረስሁት እጅ መብራቴን ነጠቀኝ። ብርሃኔን እስክትመልስልኝ የቤትህን ደፍ ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ» አለች። ቢራራ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ እትዬ» ብሎ ሄደ።

አምፖሏም እንደወትሮዋ ማታ ማታ መቅላቷን ቀጠለች። አገርነሽም ልቧን አደነደነች። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ ግን ቁምሳጥኑን በከፈተች ቁጥር ነጠላው ያያታል። ስመኝ በእህቷ በኩል «ክርስትና እናቷ ትመጣለች ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ?» ብላ ላከች። አገርነሽ ቃሉን ሰምታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ክርስትናው ከነገ ወዲያ ነበር። ልጅቷን ልታጣት ነው፤ በመሐላ ደግሞ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረገች፤ መብራት ቢሮ ሄዳ ቢራራን ከሰሰች። በመንግሥት ትእዛዝ ብርሃኗን ቢመልስላት መሐላዋም ይፈታ ነበር።

ሠራተኛው ትዕዛዙ የሚባል ቀጠን ያለ ሰው ነው። «ችግሩ ማታ ከሆነ እኔም ማታ ነው የምመጣው» አላትና በተባለው ሰዓት መሰላሉንና የቮልት መለኪያውን ይዞ መጣ። አገርነሽ ጥያቄዋን አሰልፋ ጠበቀችው።

«ጠዋት ደህና የሆነ ነገር ማታ ለምን ይታመማል?»

«ታሞ አይደለም እትዬ አገርነሽ፣ ከብዶት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ትራንስፎርመር ሲተከል ሰፈሩ ጥቂት ቤት ነበር። ዛሬ ሆቴሉም፣ የኪራይ ቤቱም፣ ምድጃውም ምጣዱም በእሱ ላይ ነው። ቀን ሁሉም በየሥራው ነው። ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲለኩስ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ቮልቱም ይወርዳል። ስመጣ እዚያው ሥሩ ለክቼ ነው የመጣሁት፤ ሁለት መቶ ሃያ መሆን ሲገባው መቶ ዘጠና ነው።»

«ታዲያ ዓለምዬስ? እሷ የሌላ አገር መብራት ነው የምታበራው?»

ትዕዛዙ ሳቀ። «ዓለምዬ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ናት፤ የሚደርሳት ያው መቶ ዘጠናው ነው። እርስዎ ጋ ደግሞ...» ብሎ መለኪያውን ከቆጣሪዋ ሥር ሰካ። «መቶ ስልሳ ሰባት። ቀሪው መንገድ ላይ ቀረ።»

«ማን ወሰደው?» አለች አገርነሽ በአገጯ ወደ ቢራራ ቤት እየጠቆመች።

«ሽቦው። ከምሰሶው እዚህ ድረስ ያለው ሽቦ ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በእጅ ተጠማዝዞ ተቀጥሏል። በረጅም ቀጭን ጎማ ውኃ ስበው ያውቃሉ? አንድ ሰው ሲቀዳ ይወርዳል፤ ሦስት ሰው ከጫፉ ሲቀዳ ይንጠባጠባል። ይኼም እንደዚያ ነው። በርከት ያለ ኃይል በሳባችሁ ቁጥር ሽቦው የሚያስቀረው ይበዛል።»

«እኔማ አምፖሉን በባለ መቶ ሻማ ቀይሬዋለሁ።»

«የባሰውን ነዋ። ትልቅ አምፖል ቮልት አይጨምርም፤ የበለጠ ይስባል እንጂ። ማቀዝቀዣውንም ማታ ማታ ይንቀሉት፤ ቮልት ሲያንሰው ሞተሩ መነሳት እያቃተው ይቃጠላል።»

አገርነሽ ይኼን ሁሉ በትዕግሥት ሰማች፤ ትዕግሥቷ ግን እንደምታውቁት አጭር ናት። «የብየዳውን ንገረኝ» አለች።

«ብየዳ ብረት በነካ ቁጥር መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወዲያው ይመለሳል። የእርስዎ ግን ቀስ ብሎ ወርዶ ሰው ራቱን እስኪጨርስ እዚያው ይቆያል። ደግሞም ብየዳ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ እኔ ስመጣ ተቆልፏል።»

«መኖሪያ ቤቱስ? እሱ ከእኔ ቆጣሪ ነው። ምድጃ አላቸው። የሚጠጣኝ በዚያ ነው!»

«ከእርስዎ ቆጣሪ ማን ማን አለ?»

«ቢራራና መሪጌታ። መሪጌታ እንኳ አንዲት አምፖል ናቸው።»

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በጓሮ በኩል የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ትዕዛዙ «ሁሉም ለጊዜው ያጥፋና እንየው» አለ። አገርነሽ ማቀዝቀዣውን ነቀለች። መለኪያው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ወደ ጓሮ ጮኻ «መሪጌታ፣ ለአንዲት ደቂቃ ያጥፉልን» አለች። ከመሪጌታ ቤት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የሱቁ አምፖል ወዲያው ወገግ አለች፤ መለኪያውም መቶ ሰማንያ ስምንት አለ።

«አንዲት አምፖል?» አለ ትዕዛዙ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጓሮ በር ብቅ አሉ። «እግሬን ብርድ ያመኛል፤ ውኃ የማሞቅባት ምድጃ ናት» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ከመቼ ወዲህ?» አለች አገርነሽ።

ትዕዛዙ በዚህ መሐል የእጅ ባትሪውን አብርቶ የቢራራን መስመር ይከተል ነበር። ሽቦው ከቆጣሪው ሥር ወጥቶ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ አበቃ። ጫፉ በጥቁር ፕላስተር በሥርዓት ተጠቅልሏል። ማዶ ያለው ቁራጭ ግድግዳው ላይ ተጠምጥሞ ተሰቅሏል፤ አቧራም ጠጥቷል።

«ይኼማ ከተቆረጠ ሰንብቷል» አለ። «ቢራራ ከእርስዎ ምንም አይወስድም።»

አገርነሽ ሽቦውን በእጇ ልትነካ ፈለገች፣ ትዕዛዙ ከለከላት። ወደ ቢራራ ቤት ዞረች። ከሱቋ ጀርባ ሃያ ርምጃ የማይሞላ ቤት ነው፤ በእልህ ፊቷን አዙራ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ማታ በመስኮቱ አላየችም። አሁን አየች። በመጋረጃው ቀዳዳ የምትታየው የኩራዝ ጭላንጭል ናት።

«መቼ ነው የቆረጠው፣ መሪጌታ?»

«የማልሽ ዕለት ማታ» አሉ መሪጌታ። «እኔን የእጅ ባትሪ አስይዞ ነው የቆረጠው። ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ ብሎ አስማለኝ። አራስ ናት፣ ሕፃን አለች፣ ተው አልሁት። እትዬ ብርሃኔን መልስ ብለዋል አለ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ሲወጣ ቦታ ተገኘ ብዬ ምድጃዬን ሰካሁ።»

ለካ ቢራራ የመለሰውን መሪጌታ ይሞቁበት ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገርነሽ ይኼን ለሰፈሩ ሁሉ ታዳርሰው ነበር። ያን ማታ ግን ዓይኗን ከኩራዙ አልነቀለችም። ሕፃኗን በኩራዝ እያጠቡ፣ በኩራዝ እየጠቀለሉ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ነው፤ እሷ ደግሞ በመቶ ሻማ አምፖል ሥር ተቀምጣ ብርሃኔን ተቀማሁ ትላለች።

«ደፉን ልርገጥ ብል መሐላዬስ?» አለች በቀስታ።

«ብርሃኔን እስኪመልስ ነው ያልሽው። የመለሰው ያንኑ ማታ ነው፤ መሐላሽም ያንኑ ማታ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ያልሄድሽው በገዛ እጅሽ ነው» አሉ መሪጌታ።

አገርነሽ ወደ ትዕዛዙ ዞረች። «መልሰህ ቀጥልላቸው።»

«ሽቦው ምድጃ አይችልም እትዬ። ቢራራ ለራሱ ቆጣሪ ያመልክት፤ ለእርስዎ ወፍራም ሽቦ እንዘርጋ። ትራንስፎርመሩ ግን ሰፈሩ አብሮ ካልጠየቀ ለብቻዎ አይቀየርልዎትም፤ ቢፈቀድም ወረፋ አለው። ለአንዲት አነስተኛ አምፖል ከሆነ ይሁን።»

«የእኔ ማቀዝቀዣ ማታ ማታ ይነቀላል። የመሪጌታ ምድጃ ቀን ቀን ትሰካለች፤ እግራቸውን በፀሐይ ይታጠቡ። አምፖሉን ቀጥል።»

ትዕዛዙ ከቆጣሪው አጥፍቶ ሽቦውን መገጣጠም ጀመረ። አገርነሽም ሱቋን ጨለማ ላይ ትታ፣ ቁምሳጥኗን በዳበሳ ከፍታ ነጠላውን አወጣች። የቢራራ ደፍ ላይ ስትደርስ እግሯን አየት አደረገችና ረገጠች።

ቢራራ ኩራዙን ከፍ አድርጎ አያት። ስመኝ ሕፃኗን እቅፏ ውስጥ አጠበቀች።

«መልሰህልኝ ኖሯል» አለች አገርነሽ። «ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?»

«ራስዎ ያዩታል ብዬ ነበር» አለ ቢራራ። «መብራቱ ሲስተካከል ይመጣሉ ብዬ ማታ ማታ የእርስዎን አምፖል አይ ነበር። አልስተካከል አለ።»

አገርነሽ እንባዋን በነጠላው ጫፍ ጠረገች፤ ለክርስትና የተገዛ ነጠላ መሆኑ ትዝ ያላት በኋላ ነው። ከዚያ ክንዷን ዘረጋች። ስመኝ ጥቂት አመነታችና ልጅቷን ሰጠቻት። ያኔ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለችው አምፖል በራች። ትንሽ ናት፣ ደካማ ናት፣ አሁንም ቀላ ትላለች፤ ትራንስፎርመሩ ያው ነውና። አገርነሽ ግን ልጅቷን እስከዚያ ሰዓት በደንብ አይታት አታውቅምና፣ በዚያችው መብራት ሥር አስጠግታ ፊቷን አየች።