«ብኝ»ን የማያውቀው ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። አልፈርምም ያልኩት ወረቀት አለ፤ ለምን እንዳልፈረምኩ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው።

ሥራዬ እዚህ አውስትራሊያ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ከምኖርበት ከታርኔት አስኮት ቬል ድረስ እየነዳሁ የምሄድላቸው አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት ጃፓናዊት አሉ፣ ሃሩኮ ይባላሉ። እኔ እትዬ ሃሩኮ እላቸዋለሁ። አውስትራሊያዊው ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና የሃምሳ ዓመት እንግሊዝኛቸውን ጠራርጎ ወሰደው። ጃፓንኛቸው ብቻ ቀረ።

እኔ ደግሞ ጃፓንኛ አላውቅም። የመጀመሪያ ሰሞን እንደ ሁለት ዲዳ በምልክት ነበር የምንግባባው። አንድ ቀን ደረጃ ወጥተን ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረታቸውን ያዙና «ዶኪ ዶኪ» አሉኝ። «ድው ድው?» አልኳቸው እኔም ደረቴን እየመታሁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ቃል መለዋወጥ ሥራችን ሆነ። የዕቃ ማጠቢያውን ፈትጌ ስጨርስ «ፒካፒካ» ይላሉ፣ እኔ «ፏ አለ» እላለሁ። ማታ ማታ ስለሚያዩት ኮከብ ሲነግሩኝ «ኪራኪራ» ነው፣ የኛ ብልጭልጭ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቤቱ ጸጥ ሲል ጣታቸውን አንስተው «ሺይን» አሉኝ። ለጸጥታ ድምፅ ያወጣ ሕዝብ እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። «እረጭ» አልኳቸው።

አንዳንዴ መጨረሻው ላይ «ሱሩ» ይጨምሩበታል፤ ማድረግ ማለት ነው። ዶኪ ዶኪ ሱሩ። እኛስ ድው ድው አለ፣ ድው ድው አደረገኝ አይደል የምንለው? እንግሊዝኛ ለዚሁ ነገር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፣ ያውም ልብ የሌለው ዓረፍተ ነገር።

አስተባባሪዬ ክሌር አንድ ቀን ለቁጥጥር መጥታ ሰማችን። በር ላይ ጠርታ «ቲና፣ እንደ ሕፃን አታናግሪያቸው፣ ክብራቸውን ይነካል» አለችኝ። ስሜ ጥሩነሽ ነው። የሕፃን ቋንቋ እንዳልሆነ፣ በኛ አገር ዳኛም ችሎት ላይ «ዝም በል» እንደሚል፣ ያም ቃል የዚሁ ዘር እንደሆነ ነገርኳት። «ስልክሽ ላይ መተርጎሚያ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ» ብላ ሄደች። እኔም እንደ ልማዴ ቀጠልኩ።

በዚያ ማክሰኞ ስገባ እትዬ ሃሩኮ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀኝ ዓይናቸውን እያሳዩ «ኪራኪራ» አሉኝ። መነጽራቸው ላይ ብርሃን አርፎበት ይሆናል ብዬ ወለወልኩላቸው። ደጁ ደግሞ ጨፍግጎ ፀሐይ የሚባል የለም። መነጽሩን አውልቀው ወረወሩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደጨፈኑ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ጥግ አስጠግተው «ፒካ» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «ፒካ።» ከዚያ ደረታቸውን ይዘው «ዶኪ ዶኪ»።

ክሌር ጋ ደወልኩ። ቃላቱን አስደገመችኝና በስልኳ ተረጎመቻቸው። «ብልጭልጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በደስታ የሚመታ ልብ ይላል» አለች። «ደስ ብሏቸው ነው። ያማቸዋል?» አለችኝ። እኔም «ኢታይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ያማል ወይ ማለት ነው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያማቸውም አሉ» አልኳት። «እንግዲያው ሐሙስ የቤተሰብ ሐኪማቸው ጋ ቀጠሮ እይዛለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እትዬ ሃሩኮ ዕቃ ሲጸዳ «ፒካፒካ» የሚሉት አያይዘው ነው። አሁን ግን አንዱን ብለው፣ ቆይተው፣ ሌላውን አሉ። በኛም አንዴ ሲሆን ብልጭ አለ ነው፣ ሲደጋገም ብልጭ ብልጭ አለ። ይሄ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አይደለም፣ መብረቅ ነው። መብረቁ ደግሞ ዓይን ተጨፍኖም አልቆመም።

ኮከብ ብልጭ ይላል። ዓይኔ ሲታመም ግን ብልጭ ይልብኛል። ያቺ «ብኝ» የምትባል ትንሽ ጭራ ነገሩ በማን ላይ እየደረሰ እንደሆነ ትናገራለች። እሳቸው ጭራዋን በጣታቸውና በፊታቸው አሉልኝ፤ ስልኩ ጣትም ፊትም አያይም። ዶኪ ዶኪም እንደ ድው ድው ነው፤ ሙሽራም ይለዋል፣ ጅብ የሚያባርረውም ይለዋል።

ደንበኛን ያለ ፈቃድ በራስ መኪና መውሰድ ክልክል ነው። አውቄ አደረግሁት። ካፖርታቸውን አልብሼ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸውና ወደ ከተማ፣ ወደ ዓይን ድንገተኛ ክፍል ነዳሁ። ክሌር ስትደውል አላነሳሁም። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ከሥራ ብባረር ቤቴ የሚገባ ሌላ ደሞዝ የለም።

ተረኛዋ ነርስ ምን ሆኑ አለችኝ። ብልጭልጭ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አልነካሁትም። «በአንድ ዓይናቸው ውስጥ መብረቅ ይበርቃል፣ ዓይናቸውን ጨፍነውም አይቆምም» አልኳት። ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠችና ወዲያው አስገባችን።

በስልክ የጃፓንኛ አስተርጓሚ ቀረበች። እትዬ ሃሩኮ በራሳቸው ቋንቋ የሚሰማቸው ሰው ሲያገኙ አፋቸው ተፈታ። ሐኪሙ የጠየቀውን ሁሉ መለሱ፤ ከጥግ በኩል ጥላ እንደ መጋረጃ እየወረደባቸው እንደሆነም ተናገሩ። አስተርጓሚዋን «ኪራኪራ ለዓይን ሕመምም ይባላል እንዴ?» አልኳት። «ለኮከብም ለዚህም ይባላል» አለችኝ። «የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዐውዱ ነው።»

ከዓይናቸው ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል። በደንብ የሚያየው የመሃሉ ክፍል ግን ገና አልተላቀቀም አለ ሐኪሙ። ይህ ሕመም አያምም፣ ለዚህ ነው ሰውን የሚያታልለው። ሐሙስን ብትጠብቁ ኖሮ ዓይኑ ለመትረፉ ማረጋገጫ አልሰጥም ነበር አለኝ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ክሌር ወረቀት ይዛ እትዬ ሃሩኮ ቤት መጣች። ሁለት ጥፋት ተጽፎበታል። አንደኛው ያለ ፈቃድ በመኪና መውሰድ ነው፣ ሁለተኛው «ደንበኛን ክብር በሚነካ የሕፃን ድምፅ ማነጋገር»። ከእንግዲህ አላደርግም ብዬ ካልፈረምኩ ከእሳቸው ሺፍት እነሳለሁ።

«የመጀመሪያውን አድርጌዋለሁ፣ ነገም አደርገዋለሁ» አልኳት። «ሁለተኛው ግን ጥፋት አይደለም፣ ቋንቋ ነው። አልፈርምም።»

«ቲና፣ ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ጥሩነሽ» አልኳት።

እትዬ ሃሩኮ ወንበራቸው ላይ ሆነው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ክሌርን ያያሉ። ያ ዓይናቸው ገና ቀይ ነው፣ ግን ያያል። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉና ቀስ ብለው እስከ ጉሮሯቸው ከፍ አደረጉት። ከዚያ ክሌርን ትክ ብለው እያዩ «ሙካሙካ» አሉ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ክሌር ስልኳን አወጣች። «ማቅለሽለሽ ይላል» አለች ደንግጣ። «ሊያስታውካቸው ነው እንዴ?»

የእጃቸው አካሄድ ሁሉን ነግሮኛል። ከሆድ ተነስቶ ጉሮሮ ድረስ የሚወጣ ነገር ማቅለሽለሽም ይሆናል፣ ንዴትም ይሆናል። እኛም ለሁለቱም አንድ ቃል አለን።

«አያስታውካቸውም» አልኳት። «አንገፍግፈሽኛል እያሉሽ ነው።»

ክሌር ስልኩንም እትዬ ሃሩኮንም አየች፣ ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ወረቀት በየወሩ በኢሜይል ትልክልኛለች። አልፈረምኩም፣ ከሺፍቱም አልተነሳሁም። አሁን ሳስበው ፍርሃቴ ትዝ ይለኛል፣ ጸጸት ግን ፈልጌ አጣሁት።