ለእንግዶች የነደደ እሳት

ቆሻሻ አንዴ ከተቀበረ አለቀለት ብለው የሚያስቡ ሰዎች ያናድዱኛል። ከእነሱ ጋር ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ንዴቴ በከንቱ አይደለም። ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ምህንድስና አስተምራለሁ፤ ከጅማ ወጣ ባለች አንዲት የቡና ከተማ ደግሞ የተቀበረ ቆሻሻ ጋዝ የሚሰበሰብበት ፕሮጀክት አማካሪ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ አማካሪ ማለት ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ የሚያዳምጠው፣ ማንም ግን ያለውን የማያደርግለት ሰው ነው።

የቆሻሻው ጉብታ ከመሸፈኑ በፊት የሴቶች መተዳደሪያ ነበር። ፕላስቲክና ቆርቆሮ እየለቀሙ ይሸጡ ነበር። መሪያቸው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ በኦሮምኛው ወግ ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሰበሰባቸውና ጉብታው በአፈር ይሸፈናል፣ ይታጠራል፣ ከእንግዲህ መልቀም የለም አላቸው። በምትኩ ከጉብታው የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ መጥቶ ማኅበራቸው የዳቦ ምድጃ እንደሚያነድበት ቃል ገባላቸው።

«ባርሲሳ» አሉኝ አዴ፣ መምህር ማለታቸው ነው። «ስንት ጊዜ እንጠብቃለን?»

«ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

«ኢንሻአላህ እንጠብቃለን» አሉ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ከጉብታው ወረዱ። እስከዚያው ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ፣ ለቡና ነጋዴ ቡና እየለቀሙ ቆዩ።

ተማሪዎቼን በየዓመቱ እዚያ እወስዳቸው ነበር። መጽሐፉ በአንድ ገጽ የሚያልፈውን ነገር ጉብታው ዓመታት ወስዶ ያሳያቸዋል። ቆሻሻው እንደተቀበረ በመሃሉ የቀረውን ኦክስጅን ባክቴሪያዎች ቶሎ ይጨርሱታል፤ ያኔ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ጉብታውም ይሞቃል። ቀጥሎ ያለ አየር የሚኖሩት ይረከባሉ። የምግቡን ትርፍራፊ፣ የቡናውን ልጣጭ፣ ወረቀቱን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ከሥር የሚንጠፈጠፈው ጥቁር ውሃ ይኮመጥጣል። ሚቴን የሚሠሩት ደግሞ ዘገምተኞችና ኩርፊያ የሚወዱ ናቸው፤ አሲድ ሲበዛ ይደክማሉ፣ ኦክስጅን ሲነካቸው ያልቃሉ። ከተመቻቸው ግን አሲዱን እየበሉ ይበረታሉ፤ በመጨረሻ ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ሚቴን ይሆናል፣ የቀረው ባብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንደኛ ሙቀትና ዝናብ ባለበት አገር ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል።

አንድ ተማሪ «ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይወጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ ምድርን ያሞቃል፤ ሰርጎ ሰው ቤት ከገባና ከአየር ጋር በልኩ ከተደባለቀ ደግሞ በአንድ ክብሪት ይፈነዳል። ለዚህ ነው የምንይዘው።

አያያዙ ሲወራ ቀላል ነው። ጉብታውን ቆፍረን ጎናቸው የተበሳሳ ቧንቧዎች አቆምን፣ ዙሪያቸውን ጠጠር ሞላን፣ ከላይ በሸክላ አፈር ደፈንን። ሁሉም ከአንድ ትልቅ ቧንቧ ጋር ይገናኛሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው መሳቢያ ሞተር ጋዙን እየሳበ ወደ ማቃጠያው፣ ጋዙ ከጫፉ ላይ ወደሚነድበት ረጅም ቧንቧ፣ ይልከዋል። ጋዙ እርጥብ ስለሆነ ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው መንገድ እንዳይዘጋ ቧንቧውን ዘቅዘቅ አድርገን ዘረጋነው። ከባዱ ነገር በየቧንቧው አፍ ላይ ያለው መክፈቻና መዝጊያ፣ ቫልቩ ነው። ጉብታው ከሚሠራው በታች ከሳብክ ጋዙ ያመልጥሃል፤ ከሚሠራው በላይ ከሳብክ ከውጭ አየር ትጠጣለህ። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉድጓድ በመሣሪያ እየለኩ ትንሽ መክፈት፣ ኦክስጅን ብቅ ሲል መልሶ መቀነስ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኛ አገር ደግሞ ትዕግሥት የሚጠየቀው ከድሃ ብቻ ነው።

የእኛ ጉብታ አንድ ነውር ነበረው። ሸክላ አፈር በመኪና ማመላለስ ውድ ሲሆንባቸው ኃላፊውና ሰዎቹ የጉብታውን ጎንና ጎን በቡና ገለባ ሞሉት። ገለባ በነፃ ነው፤ የቡና መፈልፈያዎቹ መጣያ ስላጡ ራሳቸው አምጥተው ይደፉታል። ገለባ አየር ያስገባል፣ ይነዳል፣ ይህ ሽፋን ሳይሆን ማገዶ ነው ብዬ ጮህኩ። ከላዩ ስስ አፈር አለበሱትና «አሁንስ?» አሉኝ። በቀስታ ከተሳበ ይቻላል አልኩ። በቀስታ ሳብነውም፤ ሚቴኑ በረታ። ምድጃው ተሠርቶ አለቀ፣ ቧንቧው እስከ ዳቦ ቤቱ በር ደረሰ። የቀረው ምረቃው ብቻ ነበር፤ ከምረቃው በፊት አይገናኝም ተባለ።

በምረቃው ቀን እንግዶቹ ድንኳን ሥር ተቀመጡ። አዴና ሴቶቹም ነጠላቸውን አሳምረው ከኋላ ቆሙ። ማቃጠያው ተለኮሰ፤ ምንም አልታየም። ጥሩ የሚቴን ነበልባል በቀትር ፀሐይ ለዓይን አይሞላም፤ አየሩ ሲርገበገብ ብቻ ታየዋለህ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ኃላፊው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ኢንጂነር፣ እሳቱ የታለ?» አለኝ በጆሮዬ።

«እየነደደ ነው። ፀሐዩ ነው የሸፈነው።»

«እንግዶቹ ፀሐይ ሊያዩ አይደለም የመጡት። ክፈተው።»

«ከዚህ በላይ ከተከፈተ በገለባው በኩል አየር ይስባል።»

«ለአንድ ቀን ነው» አለና ቫልቮቹ ዘንድ የቆመውን ቴክኒሻን በዓይኑ ጠቀሰው። ቫልቮቹ እስከ መጨረሻው ተከፈቱ። ጉብታው ያጠራቀመው ጋዝ ተግተልትሎ ወጣ፤ እሳቱ ከፍ አለ፣ ቀይ ምላሱ ታየ። ተጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት አዴ ነበሩ። ያ ጭብጨባ እስካሁን ያመኛል።

አንዱ ቀን አላለቀም። በሳምንቱ ሌላ ልዑክ መጣ፣ ቀጥሎም ሌላ። ኃላፊው ቫልቮቹን እንደተከፈቱ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ የዳቦ ቤቱም ቧንቧ ሳይገናኝ ቆየ። እኔ በየጊዜው እየለካሁ ሚቴኑ ወረደ፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅኑ ጨመረ፣ ጉድጓዶቹ እየጋሉ ነው እያልኩ ነገርኩት። ትንሽ ታገሥ አለኝ። በመጨረሻ የጉብታው ጎን ተሰንጥቆ ጭስ አወጣ፤ የተቃጠለ ገለባ ሽታ መንገዱን ሞላው። ጋዙን ስለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ አገኘሁ። ከውስጥ እየተቃጠለ ነበር። ሞተሩ ቆመ፣ ቫልቮቹ ተዘጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎኖቹ እውነተኛ ሸክላ አፈር በመኪና መጣ። ኃላፊው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፤ እድገት ነው አሉ።

አዴን ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በሩ እንደተቆለፈ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ውስጡ እስኪቀዘቅዝ ብዙ እንደሚቆይ፣ ሚቴን የሚሠሩት ቢመለሱ እንኳ የዳቦ ምድጃ የሚያነድ ጋዝ ይኑር አይኑር እንደማላውቅ አልደበቅኳቸውም።

«ኤዬ» አሉ፣ እሺ እንደማለት። በእጃቸው ወደ ጉብታው አመለከቱ። «ዳቦውን ተወው በቃ። አፈሩን አንሡልንና ወደ ለቀማችን እንመለስ።»

«አይቻልም፣ አዴ። ከተከፈተ አየር ይገባል፤ ጭራሽ ይነዳል። እናንተም ትቃጠላላችሁ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእንግዶቹ ሲሆን ግን አየር ይገባል» አሉኝ።