የክፍል ሰባት ናሙና

ፎቶ አንሺዋን ገበያ ከራቃት ቆየ። አሁን የምትጽፈው ኢሜይል ሥራ ካላመጣ ስቱዲዮዋን ልትዘጋ ቆርጣለች።

«ሆቴልዎን ከማደስዎ በፊት፣ ታድሶ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ዐሥር ምስሎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት አዘጋጅልዎታለሁ» ብላ ለአንድ ሆቴል ባለቤት ጻፈች። «ስድስት የመኝታ ክፍሎች፣ ሁለት የእንግዳ መቀበያ፣ ሁለት የምግብ አዳራሽ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስተካክላለሁ፤ በአምስት ቀን አስረክባለሁ። እውነተኛ ክፍሎች ተብለው ለእንግዳ እንዳይታዩ ግን አደራ።»

«አደራሽን አውጪው፤ ገዢ ታባርሪያለሽ» አለቻት እህቷ ከጀርባዋ እያነበበች።

አላወጣችውም። ሆቴሉ ድረ ገጹ ላይ ከለጠፈው የክፍል ሰባት ፎቶ የሠራችውን ናሙና አያይዛ ላከችው። ግድግዳው ስንጥቁ ጠፍቶ፣ መጋረጃው ሙሉ ብርሃን አዝሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ምስልሽን አየነው። ባለቤቴ አለቀሰች።»

«ወደዱት፣ ጋሼ?»

«መውደድ ብቻ! ሃያ ዓመት ያለምነውን ነው ያሳየሽን። ከዚያ ስልኩን ይዘን ክፍል ሰባት ገባን።» ድምፃቸው ወረደ። «ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በምን ጉልበቴ ላድሰው? ልንሸጠው ተስማማን። አንቺ ባታሳዪን ኖሮ ‘ዘንድሮ እናድሳለን’ እያልን ራሳችንን ስንሸነግል እንኖር ነበር።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! ይልቅ ምስሏን ለማስታወሻ እንያዛት?»

«የእርስዎ ናት።»

ስልኩ ሲዘጋ እህቷ ተንደረደረች። «ምን አሉ?»

«ወደውታል» አለችና የስቱዲዮውን ቁልፍ ከቁልፍ መያዣዋ ታወጣ ጀመር።