ጎንደር ላይ የት እንደር?

አማቴ የሰም ነጋዴ ነበሩ። በዳባት ዙሪያ ካሉት ጠጅ ጣዮች ሰፈፉን ይሰበስባሉ፤ አቅልጠውና አጥልለው እንደ ድፎ ዳቦ ክብ አድርገው ያረጉታል፤ ሲበቃ ጎንደር ወርደው ይሸጡታል። ልጃቸውን ካገባሁ ወዲህ የሚጭነውም፣ አህያውን የሚነዳውም እኔ ሆንኩ። ጣሊያን ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ሹመት ተጨመረልኝ፤ አስተርጓሚ ተባልኩ። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ስፈልጥ ከርሜ ስለነበር ቋንቋውን ያውቃል ብለው ነው። የማውቀው «ቶሎ በል»፣ «አንሳ»፣ «አስቀምጥ» የሚሉትንና ሰው ፊት የማይነገሩ ጥቂት ስድቦችን ነበር።

ይህንኑ ለአማቴ ብነግራቸው፣ «ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ንግድ ማለት ማንሳትና ማስቀመጥ አይደል?» አሉኝ።

ድሮ ጎንደር ስንወርድ የምናድረው ከአክስታቸው ልጅ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቤቱ ለአዲስ ጎዳና ተብሎ ፈረሰ፤ ዘመዳችንም ቤተሰቡን ይዞ ጠዳ ወርዶ ተጠጋ። ስለዚህ አማቴ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማደሪያ መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ሰው ካልመረጠ ምርጫ እንደሚከብድ አያውቅም። እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ከሰሙ ይልቅ ስለ መኝታው ሲያስቡ ከረሙ።

ወሬው የመጣው ከአንድ ደላላ ነበር። ከአስመራ በካሚዮን የመጣ ጣሊያን ሰም እየገዛ ነው፤ ያረፈውም በትልቁ አልቤርጎ ነው፤ ሰም ያለው ሁሉ ወደዚያ ይምጣ ብሏል። አማቴ «ይምጣ» የሚለውን ሲሰሙ «ይደር» ብለው ተረጎሙት።

«ገዢው ካረፈበት ያረፈ ነጋዴ ዋጋው ከፍ ይላል» አሉኝ። «ጧት ሲነሳ ይየኝ፣ ማታ ሲገባ ይየኝ። በረት ውስጥ አድሮ የመጣን ሰው ማን ያከብራል?»

ባለቤቴ ከወዲያ ሆና፣ «ምነው አባዬ፣ ከነጋዴዎቹ ግቢ ብታርፉስ? ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው» አለች።

«ሰዉ ሁሉ ስለሚያርፍ ነው የማላርፈው» አሉ።

ወገራን አቋርጠን ጎንደር ስንደርስ አማቴ ከከተማው በር ላይ ቆመው አቧራቸውን አራገፉ፤ ነጩን ጋቢያቸውን ከስልቻ አውጥተው ደረቡ። አህዮቹን ከነጭነታቸው እየነዳን ከአልቤርጎው ፊት ለፊት ቆምን። በር ላይ ቀይ መታጠቂያ ያሰረ ዘበኛ ነበር፤ ከባሕር ምላሽ፣ ከአስመራ በኩል የመጣ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ጣሊያንኛዬ ሳያስፈልግ ቀረ።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ» አሉት አማቴ። «ክፍል ፈልገን ነው።»

ዘበኛው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ አህዮቹን አየ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «አባቴ፣ ይህ ቤት ለነጭ ብቻ ነው» አላቸው።

«ጋቢዬ ነጭ ነው» አሉ አማቴ፤ የምራቸውን ይሁን ቀልደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሕግ ነው አባቴ። አገሬው በዚህ በር አይገባም። ዕቃ ለማድረስ ከሆነ በጓሮ በኩል በማድ ቤቱ ነው።»

«እኔ የመጣሁት ለመክፈል እንጂ ለማገልገል አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቢከፍሉም አይቻልም።»

አማቴ ገንዘብ እያለው የተከለከለ ሰው ምን እንደሚል ቀድሞ አልተለማመዱም። ከዚያ የሰም ገዢው መውጣቱንና መግባቱን ጠየቁ፤ ዘበኛው ጧት ወጥቷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይነግረንም አለ። ዞረን ወረድን። መንገድ ላይ፣ «መስኮቱ ጠባብ ነው፤ አየር አያስገባም» አሉኝ። እኔም አዎን ጠባብ ነው አልኩ።

ከዚያ የነጋዴዎቹ ግቢ ሄድን። ከገበያው በታች ያለ ሰፊ አጥር ግቢ ነው፤ ባለቤቲቱ ጎልማሳ ሴት፣ ጠጅም የምትጥል፣ ድምፅዋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። በአንድ ወገን የከብት ማሰሪያ፣ በአንድ ወገን በሣር የተከደነ ረጅም ቤት አለ። ውስጡ ዙሪያውን መደብ ነው፤ ከማክሰኝት የመጡ የእህል ነጋዴዎችና አሞሌ የጫኑ ሰዎች ጎን ለጎን ይተኙበታል። ጭነት የሚቀመጥበት ጓዳ ተቆልፎ ቁልፉ ከወገቧ ይንጠለጠላል።

«ይግቡ አያ፣ ሸጋ ቦታ አለኝ» አለቻቸው። «ከበሩ ራቅ ያለ፣ ነፋስ የማያገኘው።»

«ከአጠገቤ ማን ይተኛል?»

«በዚህ በኩል ጨው ነጋዴው። በዚያ በኩል የሚያኮርፈው፤ ግን ደግ ሰው ነው።»

አማቴ መደቡን በእጃቸው ዳሰሱ። «ቁንጫስ?»

«አለ እንጂ። ጎንደር ነው የመጡት።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «እዚህ ያደረ ነጋዴ ዋጋው በአንድ ሌሊት ለሁሉም ይደርሳል። ጨው ነጋዴው እንኳ የእኔን ሰም ዋጋ ያውቃል» አሉ። እውነት ነበር። የረሱት ነገር ቢኖር የሌሎቹም ዋጋ ለእሳቸው የሚደርስ መሆኑን ነው።

እንግዲህ የቀረው ቤት መከራየት ነው። ደላላው ከቀሐ ወንዝ ወዲህ አዲስ ቤት አሳየን፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አማቴ ቆርቆሮውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አልቤርጎውም የተከደነው በቆርቆሮ ነበርና። አከራዩ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ወር ሙሉ ይከፈላል፤ ቀኑ ቢያንስም ገንዘቡ አይመለስም አለ። ቤት ውስጥ እሳት አይነድም፣ ውኃ ከወንዝ ራሳችሁ ትቀዳላችሁ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ በሩ ይዘጋል፣ እንስሳ ግቢ አይገባም።

«አህዮቻችንስ?» አልኩ።

«ከነጋዴዎቹ ግቢ ያሳድሯቸዋል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርግ።»

በዚህ ተስማማን። ሰሙን ግድግዳው ሥር ደረደርን፤ መኝታችን ያመጣነው አጎዛ ነበር። አማቴ ከደጃፉ ተቀምጠው፣ «አሁን ጣሊያኑ ራሱ ይመጣል። ባለቤት ሆኜ እቀበለዋለሁ» አሉ። ደላላውን ወደ ገዢው ላኩት።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ጣሊያኑ አይመጣም፤ ነጭ ከአገሬው ቤት ሲገባ ከታየ ይቀጣል። አማቴ ከእሱ ቤት መግባት አይችሉም፤ እሱም ከአማቴ ቤት። ሁለቱም ንግድ ይፈልጋሉ፤ መንግሥት ግን ሁለቱን ከየቤታቸው እንዳይወጡ አክብሮ አስቀምጧቸዋል።

«ይቆይ» አሉ አማቴ። «የፈለገ ሰው መንገድ አያጣም።»

ስለዚህ እሳቸው ቤት ሲጠብቁ እኔ በየቀኑ ለአህዮቹ ገለባ ላደርስ ወደ ግቢው እወርዳለሁ። አህዮቻችን ከእኛ የተሻለ ማደሪያ እንደያዙ የገባኝ ያኔ ነው። ጥላ አላቸው፣ ውኃው በገንዳ ይቀርብላቸዋል፣ የገበያውን ወሬ ሁሉ ይሰማሉ። አንድ ረፋድ ላይ ስደርስ ግቢው መሀል ካሚዮን ቆሟል። ከኋላው፣ ብርድ ልብስ ከተነጠፈበት ላይ፣ አንድ ጣሊያን ጫማውን እያሠረ ነው።

«ማነው?» አልኳት ባለግቢዋን።

«የሰሙ ገዢ ነዋ! አንድ ትልቅ ሹም ከነጓዙ መጣና አልቤርጎውን አስለቀቀው። ነጋዴ ነህ ውጣ አሉት። ካሚዮኑን የሚያስገባበት ግቢ ቢያጣ ከእኔ መጣ።»

«ከአገሬው ቤት መግባት ክልክል ነው አይደል?»

«ቤት መች ገባ? ከማኪናው ነው የሚያድረው። ማኪናው የራሱ ነው» አለችኝ።

ከመደቡ የተነሱ የሰም ነጋዴዎች ሰማቸውን እያመጡ፣ ከካሚዮኑ ሥር ይመዝናሉ፤ ካሚዮኑም ግማሹ ሞልቷል። ሮጬ ወደ አማቴ ወጣሁ።

«አባቴ፣ ጣሊያኑ ከነጋዴዎቹ ግቢ ነው! እየገዛ ነው!»

«ከየትኛው ግቢ?»

«ከቁንጫው።»

አማቴ ቀስ ብለው ተነስተው ሰሙን ለማንሳት ጎንበስ አሉ። አልነሳ አላቸው። እኔም ስስብ ከላይ ያለው ስልቻ የታችኛውን አስከትሎ መጣ። ስንፈታው ያ ሁሉ ክብ ሰም ለስልሶ፣ ተጫጭኖ፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቀን ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው እኛ ከደጃፍ ነበርን፤ ሰሙ ግን ውስጥ ነበር።

«ይህን ያየ ሞራ ቀላቅለውበታል ይላል» አሉ አማቴ፤ ያኔ ድምፃቸው ተሰበረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰም ውስጥ ሞራ ጨምረው አያውቁም። እንደዚያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም። «እንውረድ» ብቻ አልኩ።

ባለግቢዋ ሰሙን ስታይ አልሳቀችም፤ «የት ነበር የሚያድረው?» ብላ ጠየቀች። ከቆርቆሮ ሥር ስንላት ወደ ማድ ቤቷ መራችን። በተቆረጠ በርሜል ውኃ ጥዳ ሰሙን ከላዩ አቀለጠችልን፤ በአሮጌ ነጠላ አጠለልነው፤ በቅል በቅል ቀዳነው። ሲያድር ረግቶ፣ እድፉ ከሥር ዘቅጦ ተገኘ። እድፉን ፍቀን አነሳን። ያን ሌሊት አማቴ የተኙት በጨው ነጋዴውና በሚያኮርፈው ሰውዬ መካከል ነው። እኔ ከቁንጫው ጋር ስታገል እሳቸው ከጨው ነጋዴው ሲያወጉ ሰማኋቸው። የሰሙን ዋጋ አንድ በአንድ ነገራቸው።

ጧት ጣሊያኑ ሰማችንን በጥፍሩ ቧጨረ፣ ቆንጥሮ አኘከ፣ ተፋ፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔ «አንሳ» አልኩት በቋንቋው፤ አነሳው። «አስቀምጥ» አልኩት፤ ካሚዮኑ ላይ አስቀመጠው። አማቴ በኩራት አዩኝ። ካሚዮኑ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ከሌሎቹ ዋጋ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ገዛልን፤ ግን ገዛልን። የቆርቆሮው ቤት እኛ ከወጣንም በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ በስማችን ባዶውን ተቀመጠ።

ዳባት ስንገባ ጎረቤቱ ተሰበሰበ።

«የት አረፋችሁ አያ?» አላቸው አንዱ።

«ጣሊያኑ ካረፈበት» አሉ አማቴ፤ አልዋሹም።

«እውነት? አልጋውስ እንዴት ያለ ነው?»

«የእሱ አልጋ? ጎማ አለው።»

ሰዉ ሁሉ ተደነቀ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ አማች ፊት አይሳቅም። በኋላ አንድ ሽማግሌ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሌሊት አልጋው እንዳይሄድባቸው በምን እንደሚያስሩት ጠየቀኝ። ድንጋይ ያስደግፉታል አልኩት። አመነኝ፤ እውነትም ነበር።