የእትዬ ፈንታነሽ የምስጋና ደብዳቤዎች

እትዬ ፈንታነሽን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ፍቅሩ ቀስ ብሎ ይከተላል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጉና ብርድ በር ገፍቶ በሚገባባት ትንሽ ከተማችን፣ ለሾፌርና ለመንገደኛ ሽሮና ቅቅል የሚያቀርቡ ሴት ናቸው። እኔ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው፣ አስተማሪ ነኝ፤ ሰፈሩ ማመልከቻ ሲያስፈልገው የሚያንኳኳው የኔን በር ነው።

የሰፈራችን ውሃ ሲጠፋ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይጠፋል። በሚያዝያ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጡና የእትዬን ደረቅ ቧንቧ ከፍተው አዩ። «ውሃው የሚቋረጠው በእርስዎ ጥፋት አለመሆኑን ከውሃ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ካላመጡ ቤቱ ይታሸጋል» ብለው አጭር ቀን ቆርጠውላቸው ሄዱ። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህች ምግብ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

በንዴት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። «ውሃ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ደጋግመን አመልክተን ሰሚ አጣን» አልኩ። ከእትዬ ጋር ይዘን ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊው አቶ ተስፋነህ አንብቦ፣ «ሁልጊዜ ማለት መቼ መቼ ነው? ያመለከታችሁትስ ለማን?» አለ። ከዚያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ሕሊናን የእትዬን ፋይል አስመጣት። ወፈር ያለ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከፈተው።

አራት ደብዳቤ። አራቱም ምስጋና!

«እዚህ አንድም ቅሬታ የለም» አለ። «እንዲያውም እንደ እርስዎ የሚያመሰግነን ደንበኛ የለንም። ታዲያ ተደጋጋሚ ችግር አለ ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

ወደ እትዬ ዞርኩ። «ቅሬታውን በምንድን ነበር የሚያቀርቡት?»

«በአፌ ነዋ! መጥቼ እነግራቸዋለሁ። የሰው ልጅ ላይ ክፉ ነገር በወረቀት እንዴት አስቀምጣለሁ?»

«ምስጋናውንስ?»

«ምስጋናማ በጽሑፍ ነው ወጉ። ለልጆቹ እድገት ይሆናቸዋል ብዬ ነው። አንቺ አትጽፊልኝም ብዬ እዚሁ ቢሮው በር ላይ ባለው ጸሐፊ አስጻፍኩት።»

ደሜ ፈላ። ጮህኩ መሰለኝ፣ ሕሊና ተነስታ በሩን ዘጋችው። ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ያልያዘ አቤቱታ እንዳልቀረበ በሚቆጠርበት ቢሮ፣ ሴትዮዋ የራሳቸውን ቤት የሚያሳሽግ ወረቀት ሲያስገቡ ከርመዋል፤ ያውም መርቀው!

ላሳፍራቸው ብዬ አንዱን ምስጋና አንስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ጠፍታብን የነበረችውን ውሃ ዛሬ ስለለቀቃችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። በተለይ በጽዮን ማግስት መጥቼ ስነግረው ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝን ልጄን ባዩን...» ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። ወረቀቱ ግርጌ የራሱ የመሥሪያ ቤቱ የገቢ ማህተም አለ፤ ቁጥር አለው፣ ኅዳር 25 ይላል። ሌሎቹንም አገላበጥኩ። ውሃው የጠፋበት ዕለት፣ የነገሩት ሰው ከነስሙ፣ የተመለሰበት ዕለት። እትዬ ሲመርቁ ማንንም አይዘሉም።

«ኅዳር ሚካኤል ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም» አለ አቶ ተስፋነህ።

«አሥራ ሁለት ተብሎ ይጻፋል» አልኩት።

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍኩት። «ሁልጊዜ»ን አወጣሁ፤ «ሰሚ አጣን»ንም፣ እየከፋኝ። በቦታው ከኅዳር 12 እስከ 25 ተቋርጦ ነበር፣ ኅዳር 22 ለአቶ ባዩ በአካል ተነግሯል፣ በዚህ የገቢ ቁጥር የተመዘገበውን ደብዳቤ ይመልከቱ እያልኩ አራቱንም በየቀናቸው አሰፈርኩ። ኮፒዎቹን አያያዝን፤ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ አደረግን። የኛም ቅጂ ላይ ማህተምና ቁጥር ካላረፈ አልወጣም ብዬ ሕሊናን አስጨነቅኳት።

አቶ ተስፋነህ የጥገና ሠራተኛውን ባዩን አስጠራው። ባዩ ወረቀቱን አየና፣ «አዎ፣ ነግረውኛል። ያቺው የመስመሩ አሮጌ ቫልቭ ናት፤ ትቀየር ካልኩ ቆየሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የሚካድ ነገር አልቀረም።

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ለእትዬ አነበብኩላቸው፦ «የውሃው መቋረጥ በመስመራችን ብልሽት ምክንያት በተደጋጋሚ የተከሰተ እንጂ የደንበኛዋ ጥፋት አለመሆኑን እንገልጻለን።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ሾፌሮቹ እጅ መታጠቢያ አጥተው ‹ቆሻሻ ቤት› ብለውኝ ሲወጡ፣ እውነትም እኔ ስላልቻልኩበት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ» አሉ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ዋናውን ለተቆጣጣሪዎቹ ሰጠን፤ ቤቱ ሳይታሸግ ቀረ። ቅጂውን ከእጅ መታጠቢያው በላይ ለጠፍኩላቸው። ለወጉ ያህል ቧንቧውን ከፈትኩ። ትንሽ ተንፍሶ ዝም አለ።

እትዬ ቧንቧውን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«በይ እስኪርቢቶሽን አምጪ» አሉ። «ይቺንስ በአፌ አልናገራትም።»